ገንዘብ ገቢ የሚሆንበት መንገድ፦ በስልክ፣ በካርድ ወይስ በክሪፕቶ?

በጊንጪ ከተማ ለማኅበራችን አባላት የተሰጠ ንግግር



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ላይ ላዩን ሲመለከቱት የዋጋ ጉዳይ ይመስላል። ገንዘቡን ወደ አንድ ሒሳብ ገቢ ለማድረግ ለሚፈልግ ሰው ስልክ አለ፤ የባንክ ካርድ አለ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ክሪፕቶ የሚባለው መጥቷል። ስለሆነም የሚቀረው የየአንዳንዱን የአገልግሎት ክፍያ አስልቶ፣ ፍጥነቱንም አመዛዝኖ፣ ርካሽና ፈጣን የሆነውን መምረጥ ነው ይባላል። በእኔ አስተያየት ይህ አመዛዘን ከመጨረሻው የጀመረ ነው። ሒሳብ የሚይዝ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ገንዘቡ ከላኪው እጅ ከወጣ በኋላ ስሕተት ቢገኝ ሊያቆመው ወይም ሊመልሰው የሚችለው ማን ነው? ለዚህስ የሚቀርበው ማስረጃ ምንድን ነው? የሚለው ነው። ክፍያና ፍጥነት ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር ከዚሁ ከደንዲ ወረዳ አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ምሳሌው የታሰበ ነው፤ ይሁንና እዚህ የተቀመጣችሁት ሒሳብ ሹሞችና ኦዲተሮች የምታውቁት ዓይነት እንደሚሆን እገምታለሁ። በጊንጪ ያለ አንድ የቁጠባና የብድር ማኅበር 180 አባላት አሉት እንበል። ከፊሉ ጤፍና ድንች የሚሸጥ ገበሬ ነው፤ ከፊሉ መምህር፣ ሹፌርና ባለሱቅ ነው፤ ጥቂቶቹም ውጭ አገር የሚሠሩ ልጆች ስላሏቸው ከዚያ የሚላክላቸው አለ። እያንዳንዱ አባል በየወሩ ቢያንስ 300 ብር ይቆጥባል። ቀድሞ ገንዘብ ያዡ በገበያ ቀን የደረሰኝ ጥራዙን ይዞ ይቀመጥ ነበር፤ አባላቱም እየመጡ ከፍለው ደረሰኝ ይቀበሉ ነበር። ዛሬ ግማሽ ያህሉ በአምቦ፣ በሆለታ ወይም በአዲስ አበባ ሆኖ በስልኩ ይልካል። የገንዘብ ያዡ ሥራ ቀለለ ተብሎ ነበር፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ሥራው ተለወጠ እንጂ አልቀለለም።

በመጀመሪያ ስለ ክፍያው ባጭሩ ልናገር። የየድርጅቱ ታሪፍ ስለሚለዋወጥ የዛሬውን አኃዝ እዚህ ማስፈሩ ለነገ አንባቢ አይጠቅምም፤ የስሌቱ መንገድ ግን አይለወጥም። ብዙውን ጊዜ የአገልግሎት ክፍያው በገንዘቡ መጠን ክልል ተወስኖ የሚቀመጥ ቁርጥ ያለ ሒሳብ ነው፤ በላዩም 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰብበታል። ለአንድ መላክ 5 ብር ይከፈላል ብንል፣ ከታክሱ ጋር 5 ብር ከ75 ሣንቲም ይሆናል። ይህ በ300 ብር ላይ 2 በመቶ ያህል ነው። ያው ክፍያ በ3,000 ብር ላይ ግን 0.2 በመቶ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ በየሳምንቱ 75 ብር የሚልክ አባል በዓመት ከሚያስቀምጠው ላይ የሚቀነስበት፣ በወር አንድ ጊዜ 300 ብር ከሚልከው ጋር ሲነጻጸር አራት እጥፍ ነው። ማኅበሩ ለቁጠባ ከሚከፍለው ወለድ ላይ ይህን ቀንሶ ላየ ሰው፣ ዋናው የዋጋ ልዩነት በስልክና በካርድ መካከል ሳይሆን በትንሽ በትንሹ በመላክና አጠራቅሞ በመላክ መካከል መሆኑ ይታየዋል። በወኪል ዘንድ ጥሬ ገንዘብ ስልክ ላይ ማስገባት በአብዛኛው ክፍያ የለውም፤ የሚያስከፍለው ማውጣቱ ነው። ስለዚህ አባሉ ወደ ስልኩ ያስገባውን ብር ዳግመኛ በጥሬ አውጥቶ ለገንዘብ ያዡ የሚያስረክብ ከሆነ የማያስፈልግ ወጪ እያወጣ ነው ማለት ነው። ስለ ክፍያው ይህ ይብቃ።

ወደ ስልኩ ልሂድ። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ የሳፋሪኮም ኤምፔሳ ደግሞ ነሐሴ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ተከተለ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲቢኢ ብር ከሁለቱም የቀደመ ነው። ሦስቱም በመሠረታዊ አሠራራቸው ይመሳሰላሉ፤ ላኪው ራሱ ይገፋዋል፣ ተቀባዩ አይስበውም። ላኪው ቁጥር ይጽፋል፣ መጠን ይጽፋል፣ የተቀባዩ ስም በስልኩ ገጽ ላይ ይወጣለታል፣ የምሥጢር ቁጥሩን ሲያስገባ ነገሩ ያልቃል። ከዚህ በኋላ በሕግም በአሠራርም ገንዘቡ የተቀባዩ ነው። ፍጥነቱ የሚመሰገነውም የሚያስፈራውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ኦቦ እገሌ የሚባሉ አንድ የማኅበሩ አባል ድንቻቸውን ሸጠው ሲያበቁ፣ ከገበያው መካከል ቆመው በ*127# የሦስት ወር ቁጠባና የብድር ክፍያ፣ በድምሩ 2,400 ብር፣ ለማኅበሩ ይልካሉ እንበል። ከስልክ ቁጥሩ አንዲት አኃዝ ተሳሳተች። የማያውቁት ሰው ስም በገጹ ላይ ወጣ፤ እሳቸው ግን ስሙን ሳያነቡ የምሥጢር ቁጥራቸውን አስገቡ። ገንዘቡ ሄደ። እዚህ ላይ የሚደረገው ነገር በደቂቃ የሚቆጠር ነው። በመጀመሪያ የመጣላቸውን መልእክት አያጥፉት፤ የግብይቱ ቁጥር ያለው በዚያ ውስጥ ነው። ቀጥለው ወደ 127 ደውለው የግብይቱን ቁጥር፣ ሰዓቱን፣ መጠኑንና ሊልኩለት ያሰቡትን ትክክለኛ ቁጥር ይናገራሉ። ድርጅቱ በአጠቃላይ የሚያደርገው ተቀባዩን መጠየቅ ነው፤ ተቀባዩ ከተስማማና ገንዘቡ በሒሳቡ ላይ ካለ ይመለሳል። ተቀባዩ ወዲያውኑ አውጥቶት ወይም ለሌላ አስተላልፎት ከሆነ፣ ድርጅቱ ከሌለው ሒሳብ ላይ ሊቀንስ አይችልም። ፈቃደኛ ሳይሆን ሲቀርም ጉዳዩ ከስልኩ ወደ ሕጉ ይዞራል።

ሕጉ ለኦቦ እገሌ ያደላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ያለ አግባብ መበልጸግን በሚመለከተው ክፍሉ፣ በተለይም በቁጥር 2164፣ መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው እንዲመለስለት ሊጠይቅ እንደሚችል ይደነግጋል። የሕጉ አርቃቂዎች ስለ ተንቀሳቃሽ ስልክ አላለሙም ነበር፤ ድንጋጌያቸው ግን ለዚህ ጉዳይ ተለክቶ የተሰፋ ያህል ይስማማል። ነገር ግን በ2,400 ብር ምክንያት ተከሳሹን ፈልጎ፣ መጥሪያ አድርሶ፣ በቀጠሮ ተመላልሶ የሚደርሰው ወጪ ከተጠየቀው ገንዘብ እንደሚበልጥ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ በስልክ በሚላክ ገንዘብ ረገድ እውነተኛው የአቤቱታ መፍትሔ ያለው ከመላኩ በፊት ነው፤ በስልኩ ገጽ ላይ የሚወጣው ስም ማለቴ ነው። ማኅበሩ ለአባላቱ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን፣ ቁጥሩ ሲጻፍ መውጣት ያለበትን ስም ፊደል በፊደል በፓስቡካቸው ሽፋን ላይ ቢያትም፣ ከማናቸውም ምክር ይበልጥ ይጠቅማቸዋል። ማንበብ ለማይችሉት አባላት ደግሞ ቁጥሩን ልጃቸው ወይም ጎረቤታቸው አንድ ጊዜ በስልኩ ውስጥ በትክክል መዝግቦላቸው፣ ከዚያ እየመረጡ መላክ ይሻላል።

ሌላም ከአካባቢያችን ሁኔታ የሚመነጭ ችግር አለ። ከጊንጪ ወጣ ሲባል የስልኩ መስመር የሚዋዥቅበት ቦታ ብዙ ነው። በ*127# ወይም በንግድ ባንክ *889# የሚላከው ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ስለዚህ ከመተግበሪያው ይልቅ በገጠር ይጸናል። ሆኖም የምሥጢር ቁጥሩ ከገባ በኋላ መስመሩ ሲቋረጥ ላኪው ሄደ ወይስ አልሄደም የሚለውን አያውቅም። ብዙ ሰው ወዲያው ዳግመኛ ይልካል፤ ማምሻውን ሁለቱም ደርሰው ይገኛሉ። ተደጋግሞ የተላከው ግን ከተሳሳተ ቁጥር የተሻለ ዕድል አለው፤ ገንዘቡ በማኅበሩ እጅ ነውና። እንግዲህ ሥርዓቱ መጀመሪያ ቀሪ ሒሳብን ማየት፣ ካልተቀነሰ ብቻ እንደገና መላክ ነው።

አሁን ከላኪው ወደ ተቀባዩ፣ ማለትም ወደ ገንዘብ ያዡ ጠረጴዛ ልለፍ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ እፈልጋለሁ፤ ባለሙያዎች እንደመሆናችን የሚመለከተን ይኸኛው ነውና። ቀድሞ ማስረጃውን የሚሰጠው ተቀባዩ ነበር፤ ደረሰኙን የሚቆርጠው ገንዘብ ያዡ ራሱ ነበር። ዛሬ ማስረጃውን ይዞ የሚመጣው ከፋዩ ነው። አንዱ የስልኩን ገጽ ፎቶ አንስቶ ይልካል፤ ሌላው የደረሰውን መልእክት ወደ ገንዘብ ያዡ ያስተላልፋል። የደረሰኝ ሥልጣን እጅ መለወጡን ያላስተዋለ ማኅበር በሐሰተኛ ደረሰኝ ይጠቃል። የስልክ ገጽ ፎቶን ማስመሰል ዛሬ የጎበዝ ልጅ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከጊንጪ እስከ መርካቶ ያሉ ባለሱቆች ዕቃ አስረክበው ገንዘብ ሳይገባላቸው የቀሩት በዚህ መንገድ ነው።

እንዴት ይታወቃል? አንዱ ምልክት የመልእክቱ ላኪ ነው። የቴሌብር መልእክት ከ127 ይመጣል፤ የንግድ ባንክም CBE በሚል ስም ይመጣል። ተመሳሳይ ቃላት ተጽፈውበት ከተራ የስልክ ቁጥር የመጣ መልእክት ባዶ ነው። ሁለተኛው ምልክት የግብይቱ ቁጥር ራሱ ነው። በንግድ ባንክ የገንዘብ ዝውውር ቁጥር በFT ይጀምራል፤ ከዚያ የፈረንጆቹ ዓመት የመጨረሻ ሁለት አኃዝ፣ ቀጥሎ ቀኑ ከዓመቱ መጀመሪያ ሲቆጠር ስንተኛ መሆኑን የሚገልጹ ሦስት አኃዞች፣ በመጨረሻም የፊደልና የአኃዝ ድብልቅ ይከተላል። ለምሳሌ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በፈረንጆቹ አቆጣጠር የካቲት ማለትም ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2025 ነበር፤ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ሲቆጠር 35ኛው ቀን ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን የተላከ ገንዘብ ቁጥር FT25035 ብሎ መጀመር አለበት። አንድ አባል በጥር 27 ላክሁ ብሎ ያቀረበው ወረቀት FT25012 የሚል ከሆነ፣ ወይ ቀኑ ተሳስቷል ወይ የሌላ ቀን ደረሰኝ ተለውጦ ቀርቧል። በእሑድ፣ በበዓል ቀንና በማታ የተላከው የሚቀጥለውን የሥራ ቀን ቁጥር ሊይዝ ስለሚችል፣ የአንድ ሁለት ቀን ልዩነት ብቻውን ሰውን ለመወንጀል አያበቃም፤ ለጥርጣሬ ግን ይበቃል።

ይህ ሁሉ ግን ምልክት እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ማረጋገጫው የማኅበሩ የራሱ ሒሳብ ነው። ገንዘብ ያዡ መዝግቦ በፓስቡክ ላይ ሊያሰፍር የሚገባው፣ አባሉ ባሳየው መልእክት ሳይሆን በማኅበሩ የባንክ ወይም የቴሌብር መግለጫ ላይ ገቢ ሆኖ ባየው ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ ሌላ ጭንቅ ይመጣል፦ መግለጫው ላይ 300 ብር ገብቷል፤ ግን የማን ነው? ስልኩ የሚስቱ ወይም የልጁ ከሆነ የሚታየው ስም የአባሉ አይደለም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በሚላክበት ጊዜ ምክንያት በሚለው ቦታ የፓስቡኩን ቁጥር ማስጻፍ ነው። ይህ ሳይደረግ የመጣውን ግን ገንዘብ ያዡ በግምት ለአንዱ አባል እንዳይመዘግብ፤ ያልተለየ ገቢ በሚል ሒሳብ ውስጥ ለብቻው ያቆየው፣ ዝርዝሩንም በወሩ መጨረሻ ይለጥፈው። የማይታወቅ ገንዘብ በመዝገብ ላይ ሳይታወቅ መቀመጡ ነውር አይደለም፤ ነውሩ የታወቀ መስሎ መጻፉ ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ማጭበርበር አለ። አንድ ያልታወቀ ሰው ደውሎ፣ በስሕተት 2,000 ብር ወደ እናንተ ልኬአለሁ፣ እባካችሁ መልሱልኝ ይላል፤ የተጭበረበረ መልእክትም ቀደም ብሎ ልኳል። ሩኅሩኅ የሆነች አዴ እገሊት ቀሪ ሒሳቧን ሳታይ ከራሷ ገንዘብ ትልክለታለች። የእውነት ቢሆንስ? የእውነት ከሆነ ሰውየው ለድርጅቱ ያመልክት፤ እሷም ድርጅቱ ሲጠይቃት ትስማማ። ቀጥታ መመለስ ከተጀመረ በሁለቱ መላኮች መካከል ያለው ግንኙነት በማስረጃ አይታይም፤ ሰውየው ከመለሰችለት በኋላ ዳግመኛ ለድርጅቱ ቢያመለክት ሁለት ጊዜ ልትከፍል ነው።

ገንዘብ ገብቷል ማለት ሁልጊዜ የመጨረሻ ነውን? በአገራችን በቅርብ የታየ አንድ ትልቅ ጉዳይ ይህን ያብራራል። መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት በደረሰበት እክል፣ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌላቸው በላይ ለማውጣትና ለማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ በእክሉ ጊዜ 490,000 ያህል ግብይቶች መደረጋቸውን፣ በአግባቡ ያልተወሰደውም 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን አስታወቀ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ፤ በሁለት ሳምንት ገደማም ከሦስት አራተኛ በላይ ተመለሰ። ለእኛ ርዕስ የሚጠቅመው የወሬው ግርግር አይደለም። የሚጠቅመው፣ እያንዳንዱ ግብይት ባለቤት ባለው አንድ መዝገብ ላይ ስሙ ከታወቀ ሰው ወደ ስሙ የታወቀ ሰው ተጽፎ መገኘቱ ነው። መዝገቡ ጠባቂ ስላለው ከሌሊቱ በኋላ እያንዳንዱን ደንበኛ በስሙ መጥራት ተቻለ። ይህን ነጥብ ወደ ክሪፕቶ ስንደርስ አስታውሱልኝ።

ስለ ባንክ ካርድ የምናገረው አጭር ነው፤ በደንዲ የሚገኝ ሰው በካርዱ ገንዘብ ገቢ የሚያደርግበት አጋጣሚ ጥቂት ነውና። በተግባር የሚሆነው አባሉ ከኤቲኤም አውጥቶ በጥሬ መክፈሉ ነው። ባንኮቻችን በኢትስዊች አማካይነት ስለተያያዙ የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ማሽን ይሠራል፤ ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ አለው። የታወቀው ክርክርም ማሽኑ ከሒሳብ ቀንሶ ብሩን ሳይሰጥ ሲቀር የሚነሣው ነው። ብዙ ሰው ማሽኑ ወደ ተተከለበት ባንክ እየሄደ ይመላለሳል፤ አቤቱታው መቅረብ ያለበት ግን ካርዱን ለሰጠው ለራሱ ባንክ ነው። የራሱ ባንክ በኢትስዊች በኩል ማሽኑን የያዘውን ባንክ ይጠይቃል። ያ ባንክ ደግሞ የማሽኑን የውስጥ መዝገብና በሣጥኑ ውስጥ የቀረውን ብር ቆጥሮ ያስተያያል፤ ብሩ ካልወጣ በሣጥኑ ውስጥ ትርፍ ይገኛል። ይህ ጥሩ ክርክር ነው፤ ምክንያቱም ማስረጃው ከአቤት ባዩ አንደበት ሳይሆን በሦስተኛ ወገን እጅ ከሚቆጠር ብር ይገኛል። አቤት ባዩ ማሽኑ የቆመበትን ቦታ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ካለም ወረቀቱን ይዞ መቅረብ ብቻ ይበቃዋል። ጥቂት ቀናት ይወስዳል፤ ገንዘቡ ግን በአብዛኛው ይመለሳል።

የካርድ ትልቁ ጥቅም የሚታየው ከውጭ አገር በሚላክ ገንዘብ ላይ ነው። የማኅበሩ አባል የሆኑት የአዴ እገሊት ልጅ ዋሽንግተን ሆኖ ለእናቱ ቁጠባ 200 ዶላር ይልካል እንበል። በካርዱ ለአስተላላፊ ድርጅት ከፍሎ፣ ድርጅቱ ገንዘቡን ሳያደርስ ቢቀር ወይም ያልፈቀደው ክፍያ ተቆርጦበት ቢያገኝ፣ ለካርድ ሰጪው ባንክ ክርክር ማቅረብ ይችላል። በቪዛ ደንብ ለአብዛኞቹ የክርክር ምክንያቶች የተሰጠው ጊዜ 120 ቀን ነው። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ በብድር ካርድ ላይ ለሚነሣ የሒሳብ ስሕተት ከመግለጫው በኋላ 60 ቀን ይሰጣል። ገንዘቡን መልሶ የመሳብ ኃይል ከሦስቱ መንገዶች በዚህኛው ብቻ በተደራጀ ሁኔታ ይገኛል። ግን ወሰኑን እናስተውል። ካርዱ የሚጠብቀው ላኪውን ከአስተላላፊው ድርጅት ነው። ልጁ ራሱ የተሳሳተ የሒሳብ ቁጥር ሰጥቶ ድርጅቱ በታዘዘው መሠረት ካደረሰ፣ ድርጅቱ አገልግሎቱን ሰጥቷልና ክርክሩ አይሳካም። ደግሞም በብድር ካርድ ገንዘብ መላክ እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር እየተቆጠረ ከዕለቱ ጀምሮ ወለድ የሚታሰብበት ጊዜ ብዙ ነው። ከባንክ ሒሳብ በቀጥታ የሚቀነሰው የዴቢት ካርድ በዚህ ረገድ ይሻላል።

አሁን ክሪፕቶ። ያው ልጅ ጓደኛው ባሳየው መንገድ ዲጂታል ዶላር የተባለውን፣ USDT የሚባለውን፣ ይገዛል። ከዚያ እናቱን ወክሎ በአገር ውስጥ ለሚገኝ አንድ ገዥ ይሸጠዋል፤ ገዥውም ብሩን ወደ ማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ያስገባል። ፍጥነቱ እውነት ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። የአውታሩ ክፍያም ብዙ ጊዜ ከአስተላላፊ ድርጅት ያነሰ ነው፤ መግዣና መሸጫው ላይ የሚቀነሰው ሲደመርበት ግን እንደሚወራው ርካሽ አይደለም። ሰዉን የሳበው ግን ክፍያው አልነበረም፤ የምንዛሬው ልዩነት ነበር። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት የባንኩ ዶላር 57 ብር ገደማ ሲሆን፣ የትይዩ ገበያው እጥፍ ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ አንድ ጊዜ ጠብቦ ሌላ ጊዜ እየሰፋ ቢሄድም፣ እንደ ቀድሞው በእጥፍ አይደለም። ስለዚህ ዋናው ምክንያት ራሱ በእጅጉ ቀንሷል።

አደጋው ግን አልቀነሰም። ልጁ ሲልክ ሊጽፍ የሚገባው ረጅም የፊደልና የአኃዝ ተርታ ነው፤ በስልክ እንደሚወጣው ያለ የሰው ስም አይወጣለትም። አድራሻው አንዲት ፊደል ቢሳሳት አብዛኛውን ጊዜ ሥርዓቱ ራሱ አይቀበለውም፤ ትክክለኛ ቅርጽ ያለው የሌላ ሰው አድራሻ ከተለጠፈ ግን ይሄዳል። አንዱ ዓይነት ገንዘብ በብዙ አውታሮች ላይ ስለሚዘዋወርም፣ ተቀባዩ በማይቀበለው አውታር የተላከው ከእጅ ሊጠፋ ይችላል። ከሄደ በኋላ የሚደወልለት 127 የለም፤ ካርድ ሰጪ ባንክ የለም፤ መዝገቡን በሺሕ የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች ስለሚይዙት አንድ ጠባቂ የለውም። የUSDT አውጪ ድርጅት አንዳንድ አድራሻዎችን ሊያግድ ይችላል፤ ይህን የሚያደርገው ግን ሕግ አስከባሪ ሲጠይቀው ነው እንጂ የጊንጪ እናት ስትጠይቀው አይደለም። መጋቢት 2016 ላይ ያየነው ነገር፣ ማለትም ሰውን በስሙ ጠርቶ ገንዘቡን ማስመለስ፣ እዚህ የሚታሰብ አይደለም።

ሕጉም አለ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ በአገሪቱ ውስጥ በክሪፕቶ ክፍያ መፈጸምና መገበያየት ያልተፈቀደ መሆኑን አሳስቧል። አንዳንዶች ከኤሌክትሪክ ኃይል ለቢትኮይን ማምረቻ መሸጡን ጠቅሰው ታዲያ እንዴት ተፈቀደ ይላሉ። ኃይል ገዝቶ ማሽን ማሠራትና በአገር ውስጥ እንደ ብር ከፍሎ መገበያየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ለሒሳብ ባለሙያ ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ማኅበሩ በመግለጫው ላይ የሚያየው የልጁን ስም ወይም የአዴ እገሊትን ስም አይደለም፤ ብሩን ያስገባውን የማያውቀውን ሰው ስም ነው። ያ ሰው በሌላ ጉዳይ፣ ለምሳሌ በማጭበርበር፣ ሲመረመር ከሒሳቡ የወጣው ገንዘብ የገባባቸው ሒሳቦች ይታገዳሉ። የሚታገደው ደግሞ የአዴ እገሊት ፓስቡክ አይደለም፤ የ180ው አባላት ቁጠባ የተቀመጠበት የማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ነው። በዚያ ወር ብድር ሊወስድ የተፈቀደለት ገበሬ የማዳበሪያውን ገንዘብ ይጠብቃል፤ ማኅበሩም ከማያውቀው ሰው 20,000 ብር ለምን እንደተቀበለ በጽሑፍ ያስረዳል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ገንዘብ ከመጣ በኋላ ገንዘብ ያዡ የሚያደርገው ይህ ነው፦ በአዴ እገሊት ፓስቡክ ላይ አያሰፍርም፤ ያልተለየ ገቢ በሚለው ሒሳብ ውስጥ ያቆያል፤ አዴ እገሊትንና ልጇን ጠይቆ የተናገሩትን በቃለ ጉባኤ ያጽፋል፤ ሒሳቡ ላለበት ባንክም በደብዳቤ ያሳውቃል። ልጁም በሚቀጥለው ወር የእናቱን ቁጠባ በስሙ በሚታይ መንገድ፣ ማለትም ፈቃድ ባለው አስተላላፊ ወይም በባንክ በኩል እንዲልክ ይነገረዋል።